እንዴትስ ታነባለህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ ዛሬ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከቁጥር 25 ጀምሮ የተጻፈውን እንመለከታለን። ከዚያ በፊት ግን በሰንበት ትምህርት ቤት ለማስተምራቸው ልጆች ያዘጋጀሁትን አንድ አጭር ታሪክ ላስቀድም። በእውነት የደረሰ ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን ፈተና ተፈትኖ የማያውቅ ስለሌለ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

ፌቨን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሒሳብ ፈተናዋ ታርሞ ሲመለስላት ከ40 38 አግኝታለች። የጎደሉት ሁለት ነጥቦች በአንድ ጥያቄ ላይ ነበሩ፤ መምህሩ የመጨረሻዋን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው አራት ነጥብ ለሚያስገኘው ጥያቄ ሁለት ሰጥተዋታል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አንዲት ነጋዴ 50 ኪሎ ምስር አንዱን ኪሎ በ80 ብር ገዛች። 5 ኪሎው እርጥበት ነክቶት ስለተበላሸባት ቀሪውን አንዱን ኪሎ በ100 ብር ሸጠች። ያገኘችው ትርፍ ምስሩን በጠቅላላ ከሸጠችበት ዋጋ ስንት በመቶ ነው?»

ፌቨን ማታ ወረቀቱን ዘርግታ ስሌቷን እንደገና ሠራችው። 50 ኪሎ በ80 ብር 4000 ብር ይሆናል። ከተበላሸው የተረፈው 45 ኪሎ በ100 ብር 4500 ብር ይሆናል። ትርፉ 500 ብር ነው፤ 500 ለ4000 ሲካፈል ደግሞ 12.5 በመቶ ይመጣል። በፈተናው ወረቀት ላይ የጻፈችውም ይህንኑ ነው። ደግማ ሠራችው፤ ያው ሆነ። በአባቷ ስልክ ማስሊያ ሞከረችው፤ አሁንም ያው ሆነ። ባረጋገጠች ቁጥር ብስጭቷ እየጨመረ ሄደ፤ እናቷንም ጠርታ «መምህሩ በእኔ ላይ የሆነ ነገር አላቸው» አለቻት።

በማግሥቱ ለመምህሩ ለማሳየት ጥያቄውንና ስሌቱን በሌላ ወረቀት ላይ በንጹሕ ጽሕፈት ልትገለብጥ ተቀመጠች። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ እርሳሷ «ከገዛችበት ዋጋ» ብሎ ጻፈ። ኮማው የት እንደሆነ ለማየት ወደ ፈተናው ወረቀት ዞር ስትል ግን በዚያ የታተመው ሌላ ቃል ነበር፤ «ከሸጠችበት» ይላል። ጣቷን በቃሉ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በክፍል የሠሯቸው ምሳሌዎች ሁሉ ትርፉ ከተገዛበት ዋጋ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚጠይቁ ስለነበሩ፥ ዓይኗ ያልተጻፈውን ቃል ከልማድ አምጥቶ አንብቦላት ነበር። 500 ለ4500 ሲካፈል 11.1 በመቶ ገደማ ነው። ስሌቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተሳሳተም፤ የመለሰችው ግን ያልተጠየቀችውን ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና ወደ ወንጌሉ ልመለስ። ቅዱስ ሉቃስ ሲጀምር አንድ ሕግ አዋቂ ጌታችንን «ሊፈትነው» ተነሣ ይላል። ፈታኝ ሆኖ የመጣው ሰው «የዘላለምን ሕይወት እንድወርስ ምን ላድርግ?» ሲል፥ ጌታ በሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ተፈታኝ አደረገው፦ በሕግ የተጻፈው ምንድን ነው? እንዴትስ ታነባለህ? እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተጻፈው ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚነበብበት መንገድ ግን እንደ አንባቢው ልብ ይለያያል። ሕግ አዋቂውም አምላክን በፍጹም ልብ መውደድን ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6፥ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 አጣምሮ መለሰ። ጌታም «እውነት መለስህ» አለው። የፌቨን መምህር ሁለቱን ነጥብ እንዳልነፈጓት ሁሉ፥ ጌታም ትክክል የሆነውን ትክክል ነው ብሎ ተቀበለለት።

መስመሩ የተሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ወንጌላዊው ሰውዬው «ራሱን ሊያጸድቅ ወድዶ» ባልንጀራዬስ ማን ነው? እንዳለ ይነግረናል። ጥያቄው ከሕጉ ጽሑፍ ፈጽሞ የራቀ እንዳይመስለን። በዘሌዋውያን 19፥18 ባልንጀራህን ውደድ የሚለው ቃል የመጣው በሕዝብህ ልጆች ላይ ቂም አትያዝ ከሚለው ቀጥሎ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቁጥር ላይ የሚያቆም ሰው ባልንጀራ ማለት የወገኔ ልጅ ብቻ ነው ብሎ ሊያነብ ይችላል። ምዕራፉ ግን እዚያ አያበቃም። ዐሥራ ስድስት ቁጥር ዝቅ ብሎ በ19፥34 አብሮህ የሚቀመጠውን እንግዳ እንደ አገር ልጅ ቍጠረው፥ እንደ ራስህም ውደደው ይላል፤ ምክንያቱንም እናንተ በግብፅ ምድር እንግዶች ነበራችሁና ብሎ ይሰጣል። «እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ትእዛዝ በዚያው ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ለሚፈልግ ሰው ግን የመጀመሪያው ይበቃዋል።

ጌታችን በምሳሌ የመለሰበት አኳኋን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ይመስለኛል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ለተቸገረ ሰው እርዱ የሚል ትምህርት ብቻ አድርጌ ሳስተምረው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ጌታ የባልንጀሮችን ዝርዝር ማስፋት ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ታሪኩን ገልብጦ ይነግረው ነበር፤ በመንገድ የወደቀው ሳምራዊ፥ የሚያነሣው ደግሞ አይሁዳዊ ይሆን ነበር፤ ሕግ አዋቂውም «እንግዲያውስ ሳምራዊም ባልንጀራዬ ነው» ብሎ ይሄድ ነበር። እንዲህ አልሆነም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ የተደበደበው ማን እንደሆነ አልተነገረም፤ የሚያነሣው ግን ሳምራዊው ነው። አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ስላለ ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ እንዲወርድ ፈልገው እንደነበር ስናስታውስ፥ ይህ ለሰሚው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባናል። ሕግ አዋቂው ራሱን በመሐል አድርጎ በዙሪያው ያሉትን ሊቈጥር መጥቶ ነበር፤ ታሪኩ ግን የቈሰለውን ሰው በመሐል አደረገና እርሱን ከሚያልፉት አንዱ አደረገው።

በመጨረሻም ጌታ ጥያቄውን አርሞ መለሰለት፦ ከእነዚህ ከሦስቱ በወንበዴዎች እጅ ለወደቀው ባልንጀራ የሆነው ማንኛው ይመስልሃል? «ማን ነው» የነበረው «ማን ሆነ» ተባለ። ሕግ አዋቂው ሳምራዊ የሚለውን ስም ከአፉ ሳያወጣ «ምሕረት ያደረገለት» ብሎ መለሰ፤ ጌታም ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ አለው። አባቶቻችን ሳምራዊውን በክርስቶስ መስለው የሚተረጕሙት ትርጓሜም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የወደቀው አዳም፥ ሊያነሣው የመጣው ደግሞ ወገን አይደለም ተብሎ የተናቀው ነው።

ይህ ስሕተት በአንድ ሕግ አዋቂ ላይ ብቻ የታየ አይደለም። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ሕዝቡ ስለ ምን ጾምን አንተም አልተመለከትህም? ብለው በእግዚአብሔር ፊት አቤቱታ ያቀርባሉ። ቃሉን በደንብ ካያችሁት የነጥብ ይጨመርልኝ አቤቱታ ነው። ጾመዋል፤ ራሳቸውንም አዋርደዋል፤ ሥራቸውን ደግመው ደጋግመው ሲያዩት ጉድለት አላገኙበትም። እግዚአብሔር ግን ጾማችሁ ጥቂት ቀን ጎድሎታል አላላቸውም። በምትጾሙበት ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ፤ እኔ የመረጥሁት ጾም የበደልን እስራት መፍታት፥ እንጀራን ለተራበ መቍረስ፥ የተራቈተውን ማልበስ ነው አላቸው። ከምግብ ስንት ሰዓት እንደቈዩ ሲቈጥሩ የኖሩ ሰዎች የተጠየቁት የሠራተኛውን ሁኔታ ነበር። እኛም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቈይተን የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ ካዘገየን፥ ስሌታችን አልተሳሳተ ይሆናል፤ የጠያቂው ቃል ግን በወረቀቱ ላይ እንደታተመ አለ።

እዚህ ላይ ፌቨን ስሕተቷን ያገኘችበት መንገድ ሊታሰብ ይገባዋል። ሦስት ጊዜ ያረጋገጠችው የራሷን ስሌት ነው፤ በሦስቱም ጊዜ ጥያቄውን አላነበበችም። ሰው የራሱን ሥራ ሲመረምር መነሻው የራሱ መረዳት ስለሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ እርሱን ደግፎ ይወጣል። ኅሊናን መመርመርም እንዲሁ ነው፤ ከንስሐ አባት ፊት ከመቅረባችን በፊት ያደረግነውንና ያላደረግነውን ብቻ ብንቈጥር የምናገኘው የራሳችንን ድምር ነው። ቃሉን ራሱን ከፍቶ በቀስታ፥ ቢቻል ድምፅ አውጥቶ፥ ከምንወድደው ቁጥር አልፎ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ዘሌዋውያን 19ን ከቁጥር 9 ጀምሮ ስታነቡ ለድሃና ለእንግዳ የሚተወው ቃርሚያ፥ ሌሊቱን ሊያድር የማይገባው የሠራተኛ ደመወዝ፥ ደንቆሮን አለመስደብና በዕውር ፊት ዕንቅፋት አለማኖር ሁሉ ባልንጀራህን ውደድ ከሚለው ቃል በፊት ተዘርዝረው ታገኛላችሁ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው የአገራችን ጃንደረባ በዚህ ነገር ከሕግ አዋቂው ይሻላል። ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን? ሲለው፥ በንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ባለ ሥልጣን ሆኖ ሳለ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል? አለ። ራሱን ሊያጸድቅ አልሞከረም። የጠየቀውም ስለ ጽሑፉ ነው፦ ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?

ወደ ፌቨን ልመለስ። በዚያች ሌሊት አቤቱታውን የጻፈችበትን ወረቀት አጥፋ በደብተሯ መካከል አስቀመጠችው፤ እናቷንም ከወጥ ቤት ጠርታ «እማዬ፥ መምህሩ ምንም አላደረጉኝም፤ እኔ ነኝ አጥፍቼ ያነበብሁት» አለቻት። እናቷ «ታዲያ ስሌቱ?» አለች። «ስሌቱ ልክ ነው» አለች ፌቨን፤ ይህን ማስረዳት ግን ከጠበቀችው በላይ አስቸገራት።

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ የፈተና ወረቀቷን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል ስትሄድ አገኘቻት። የልጅቱም መልስ 12.5 ነው፤ እርሷም ተሰርዞባታል፤ እንባዋም ሊመጣ ነው። «አንቺም እንደ እኔ ተቀንሶብሻል፤ ነይ አብረን እንንገራቸው» አለቻት። ፌቨን የጥያቄውን መልስ ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን ተወችው። ወረቀቱን ከልጅቱ እጅ ሳትወስድ አጠገቧ ቆመችና «እስቲ ጥያቄውን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ» አለቻት።