«ሁለቴ ተቀብቼው ምንም አልሆንኩም»፦ ስለ ጥቁር ሂና የሚባሉ ነገሮችና እውነታው

«እትዬ፣ ጥቁር ሂና ከዚ በፊት ሁለቴ ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም፣ ደሞ ሂና ቅጠል ነው፣ ለሰርጌ ለምን አትቀቢኝም?»

ደብረ ብርሃን ላይ ፀጉር ስሰራ 14 ዓመቴ ነው፣ ጥር በመጣ ቁጥር ይሄንኑ እሰማለሁ፣ ሙሽራዋም ሚዜዋም እናትየዋም አንድ አይነት ነገር ነው የሚሉኝ። መልሱ በአንድ ትንፋሽ አያልቅም፣ ስለዚ እዚ ልፃፈው።

መጀመሪያ «ቅጠል ነው» የሚለው። ሂና ቅጠል ነው፣ እሱ ልክ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቀለም ላውሶን ይባላል፣ ቀለሙም ብርቱካናማ ቀይ ነው፣ ሌላ ቀለም የለውም። ሽበት ላይ ካደረጋችሁት እንደ መዳብ ይሆናል፣ ጥቁር ፀጉር ላይ ካደረጋችሁት ፀሀይ ስትወጡ ብቻ ቀላ ይላል። ጥቁር የሚያወጣ የሂና ዛፍ በአለም ላይ የለም። ስለዚ ፓኬቱ ላይ ጥቁር ሂና ተብሎ ከተፃፈ የሚያጠቁረው ነገር ከሂናው ውጪ የገባ ነው ማለት ነው፣ ሂናው ጥቂት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም።

የሚገባው ነገር ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ፒፒዲ የሚሉት ኬሚካል ነው፣ ሙሉ ስሙ ፓራ-ፌኒሊንዲያሚን። በካርቶን የሚሸጠው የፀጉር ቀለም ውስጥም አለ፣ ልዩነቱ እዛ መጠኑ የተወሰነ መሆኑ ነው። የአውሮፓ ህብረት ለምሳሌ ፀጉር ላይ ሲደረግ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ብሎ ወስኗል፣ እጅና እግር ላይ ለመሳል ደግሞ ጭራሽ አይፈቅድም። ለመሳል የሚሸጥ ጥቁር ሂና ሲመረመር ግን ከ15 በመቶ በላይ የተገኘበት ጊዜ አለ። ገበያ ላይ በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠው ዱቄት ውስጥ ስንት እንዳለ ሻጩም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ «ከዚ በፊት ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም» ወደሚለው፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው ምክንያቱም ሰው እንደ ማረጋገጫ ነው የሚያቀርበው፣ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ፒፒዲ በጣም ትንሽ ነገር ስለሆነ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ እዛ አየርና ማጠንከሪያው ሲያገኙት እርስ በርሱ ተያይዞ ትልቅ ጥቁር ቀለም ይሆንና መውጣት ያቅተዋል፣ ለዛ ነው ቶሎ የማይለቀው። ግን እዛው ላይ ቆዳ ውስጥም ይገባል። ሰውነታችን ይሄን እንግዳ ነገር ሲያገኘው መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ዝም ብሎ ያጠናዋል፣ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፣ ከዛ ጠላት ነው ብሎ መዝግቦ ያስቀምጠዋል። በሚቀጥለው ስትቀቡት ያወቀውን ይዞ ይነሳል። አንዳንዱ ሰው በሁለተኛው፣ አንዳንዱ በአስረኛው፣ አንዳንዱ መቼም ላይሆን ይችላል፣ ማን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚ ሁለቴ ሰላም መሆን ለሶስተኛው ዋስትና አይደለም፣ እንደውም ሰውነት የሚማረው በነዛ ሰላም ባሏችሁ ጊዜያት ነው።

አንድ ደንበኛዬን ላንሳ፣ ስሟን አልጠራም፣ ከደብረ ሲና ነው የምትመጣው፣ ግንባሯ አካባቢ ሽበት ቀድሞ ወጥቶባታል። ጥቁር ሂና ቤቷ ትቀባ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ ምንም። ሁለተኛው ጊዜ ከጆሮዋ ጀርባ ሁለት ሶስት ቀን አሳከካት፣ ሻምፑው ነው ብላ ሻምፑ ቀየረች። ሶስተኛው ቅዳሜ ከሰአት ነበር፣ ሰርግ ስላለባት። ቅዳሜ ማታ ምንም የለም፣ እሁድ ሰርጉ ላይ ዋለች፣ እሁድ ማታ ጆሮዋ ጋለ፣ ማሳከክ ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ስትነሳ የአይኗ ቆብ አብጦ አንዱ አልከፈት አለ፣ ግንባሯ ላይ ፀጉሩ የሚጀምርበት መስመር ሙሉ ውሃ ቋጥሯል፣ ከአንገቷ ቢጫ ነገር ይወርዳል። ጎረቤት መጣ፣ ምች ነው ተባለ፣ ፀሀይ ላይ ውለሽ ነው ተባለ፣ ዳማከሴ ታሸባት። የቆሰለ ቆዳ ላይ። ማንም የቅዳሜውን ሂና አላሰበም ምክንያቱም ቅዳሜ አላቃጠላትም፣ ደሞ ፊቷን እንጂ አናቷን ብዙም አላመማትም።

እዚ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ይሄ አለርጂ እንደ በርበሬ ወዲያው አያቃጥልም፣ ከአንድ ቀን እስከ ሶስት ቀን ቆይቶ ነው የሚመጣው። የራስ ቆዳ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ቀለሙ ያረፈው እዛ ሆኖ እብጠቱ የሚብሰው ስስ ቆዳ ላይ ነው፣ አይን ቆብ፣ ጆሮ፣ አንገት፣ ግንባር። ምች መስሎ የሚታየው ለዛ ነው። ፊታችሁ ባበጠ ጊዜ ባለፉት ሶስት ቀናት አናቴ ላይ ምን አደረኩ ብላችሁ ጠይቁ።

እሷ ማክሰኞ ሀኪም ቤት ሄዳ የሚዋጥ ስቴሮይድና ቅባት ተሰጣት፣ እብጠቱ በሳምንት ሄደ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ጥቁረት ግን ወራት ፈጀ። ሀኪሙ የነገራት ነገር ደግሞ ይሄ አለርጂ አንዴ ከተመዘገበ እድሜ ልክ እንደሚቆይ ነው። ከአስር አመት በኋላ ብትቀባውም ያስታውሳታል። በካርቶን የሚሸጡት ጥቁር ቀለሞችም ያው ፒፒዲ ወይም የሱ ዘመድ ስላለባቸው እነሱም ተዘጉባት። ጥርስ ስታስነቅል ወይም የሚያደነዝዝ ቅባት ሲታዘዝላት እንኳን ይሄ አለርጂ እንዳለባት መናገር አለባት፣ ቤንዞኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ከፒፒዲ ጋር ስለሚቀራረብ ሰውነት ሊያምታታው ይችላል።

እንዲ ከጀመራችሁ ወዲያው ለብ ባለ ብዙ ውሃና በቀላል ሻምፑ ታጠቡ፣ ቅቤም ዳማከሴም ሎሚም አትንኩ፣ ሀኪም ቤት ሂዱ፣ ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ አትጠብቁ፣ በደቂቃው ውጡ።

«ፓኬቱ ላይ መቶ ፐርሰንት ናቹራል ይላል»። የፈለገውን ይበል። ከጀርባው ትንሹን ፅሁፍ አንብቡ፣ ስሙ ረጅም ስለሆነ ቁጥሩን ፈልጉ፣ 76060 ወይም 106-50-3 ካያችሁ ፒፒዲ ነው። ዝርዝር ጭራሽ ከሌለው አትግዙ። ሌላው ምልክት ሰአቱ ነው፦ በ30 ደቂቃ ጥቁር ያደርጋል የሚል ዱቄት ቅጠል አይደለም፣ ቅጠል እንዲ አይቸኩልም። እኔ ያልገባኝ ዱቄት ሲመጣ ጓንት አድርጌ ግማሽ ማንኪያ ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣለሁ። ሂና ከሆነ ጨርቁ ዙሪያውን ብርቱካን ይላል፣ ሽታውም የደረቀ ሳር ነው። በግማሽ ሰአት እንደ ቀለም ብዕር ከጠቆረ ይጣላል። ይሄ ላብራቶሪ አይደለም፣ ግልፅ የሆነውን ነው የሚለይላችሁ፣ ብርቱካን ያሳየ ሁሉ ንፁህ ነው ማለት አይደለም።

«ቡና ካበዛሁበት ይጠቁራል»፣ አይጠቁርም፣ ትንሽ ያደበዝዘው ይሆናል እንጂ በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል።

«ሂናና እንሶስላ አንድ ነው»፣ አይደለም። እንሶስላ የደጋ ተክል ነው፣ ስሩ ነው ተቀጥቅጦ እጅና እግር የሚሞቀው። ሂና የቆላ ዛፍ ቅጠል ነው።

«ንፁህ ሂና ከሆነ ለህፃንም ይሆናል»፣ ይሄን ባታረጉት። ጂ6ፒዲ የሚባል የደም ነገር የሚጎድላቸው ልጆች አሉ፣ በተለይ ወንዶች፣ ላውሶኑ በቆዳ ገብቶ የደም ሴላቸውን ሊሰብረው ይችላል፣ ህፃኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ልጃችሁ እንዳለበትና እንደሌለበት ሳይመረመር አታውቁም።

እና ጥቁር የምትፈልግ ሰው ምን ታድርግ? ደብረ ሲናዋን አሁን እንዴት እንደምሰራት ልንገራችሁ። ሁለት ተክል ነው የምንጠቀመው፣ መጀመሪያ ሂና ቀጥሎ ኢንዲጎ፣ እሱም የቅጠል ዱቄት ነው፣ ሰማያዊ ነው የሚሰጠው፣ ቀይ ላይ ሰማያዊ ሲያርፍ ይጠቁራል። ኢንዲጎ ተብሎም የተቀላቀለ ይሸጣል ስለዚ ፓኬቱን እንደዛው አጣርተን፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ክርኗ ውስጥ ቀብተን ሁለት ቀን ጠበቅን። ለትከሻ ፀጉሯ 100 ግራም ሂና በሞቀ፣ ባልፈላ ውሃና በአንድ ሎሚ እርጎ እስኪመስል በጠበጥኩ። ሸዋሮቢት ቢሆን ሶስት አራት ሰአት ይበቃዋል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ቀለሙን አያስወጣውም፣ ሳህኑን ክዳን አድርጌ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው የማሳድረው። ጠዋት ላዩ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ሶስት ሰአት አናቷ ላይ ቆየ፣ በውሃ ብቻ ታጠበ። ኢንዲጎው ሎሚ አይፈልግም፣ ለብ ባለ ውሃና በቁንጥር ጨው በጥብጬ 15 ደቂቃ ጠብቄ ወዲያው ቀባኋት፣ ከቆየ ይሞታል፣ አያሳድሩትም። ሁለት ሰአት ሳይሞላ ታጠበች።

ማታ ደወለችልኝ፣ «አረንጓዴ ሆንኩልሽ» ብላ እያለቀሰች። ኢንዲጎ መጀመሪያ እንደዛ ነው፣ አየር እያገኘው ነው የሚጠቁረው፣ ሻምፑ እንዳትነኪ ሁለት ቀን ጠብቂ አልኳት። በሶስተኛው ቀን ሽበቱ የነበረበት ቦታ ከሌላው ፀጉሯ አይለይም ነበር፣ ግንባሯም ላይ አንድም ነገር አልወጣም።