ሙራባሃ እና ሙዳራባ፦ ከወለድ ነፃ ባንክ ትርፉን ከየት ያመጣል?

ከወለድ ነፃ ባንክ የሚያተርፈው እንደ ነጋዴ ነው። ዕቃ ገዝቶ ይሸጣል፣ ንብረት ያከራያል ወይም በሰው ንግድ ውስጥ ሸሪክ ሆኖ ይገባል። ገንዘብ አበድሮ በገንዘቡ ላይ ጭማሪ መቀበል ግን በእስልምና ሕግ ሪባ ስለሆነ ክልክል ነው። ስለዚህ ባንኩ ትርፍ በጠየቀ ቁጥር ከትርፉ ጀርባ አንድ እውነተኛ ዕቃ ወይም እውነተኛ ሥራ መኖር አለበት።

በኢትዮጵያ አገልግሎቱ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለብሔራዊ ባንክ በጉዳዩ ላይ መመሪያ የማውጣት ሥልጣን ሰጠ። በ2011 የወጣው መመሪያ የፈቀደው ግን መደበኛ ባንኮች በመስኮት ደረጃ፣ ማለትም ከሌላው ሥራቸው ጎን በተለየ ክፍል፣ እንዲሰጡት ብቻ ነበር። በ2013 ኦሮሚያ ኢንተርናሽናል ባንክ መስኮቱን ከፈተ፤ ንግድ ባንክና ሌሎችም ተከተሉ። ራሱን የቻለ ከወለድ ነፃ ባንክ ማቋቋም የተፈቀደው በ2019 ሲሆን፣ ዘምዘምና ሂጅራ በ2021 ሥራ ጀመሩ።

ባንኮቹ ጋ ሄዶ ፋይናንስ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ውል ሙራባሃ ነው። ሙራባሃ ሻጩ ዕቃውን በስንት እንደገዛና ስንት እንደሚያተርፍ ለገዢው ገልጦ የሚሸጥበት ሽያጭ ነው። ተራ ነጋዴ የገዛበትን ዋጋ የመናገር ግዴታ የለበትም። በሙራባሃ ግን አለበት። አቅራቢው በመሐል ቅናሽ ካደረገ እንኳ ቅናሹ ለደንበኛው ይተላለፋል እንጂ ባንኩ ኪስ ውስጥ አይቀርም።

በቁጥር እንየው። ጅማ ያለች አንዲት ነጋዴ የእህል ወፍጮ መግዛት ትፈልጋለች እንበል። አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ፕሮፎርማ ታመጣለች፤ የወፍጮው ዋጋ 1,200,000 ብር ነው። ባንኩ ማመልከቻዋን፣ ንግዷንና መያዣዋን ይገመግማል። ከተስማማ ወፍጮውን ባንኩ ከገዛው እሷ እንደምትገዛው ቃል ትፈርማለች። ይህ ገና ሽያጭ አይደለም፤ ቃል ብቻ ነው። የቁም ነገር ማሳያ እንዲሆንም 300,000 ብር ታስይዛለች።

ቀጥሎ ባንኩ በራሱ ስም ወፍጮውን ይገዛል። ገንዘቡ የሚከፈለው ለአስመጪው ነው፤ በእሷ ሒሳብ በኩል አያልፍም። ማጓጓዣና ተዛማጅ ወጪው 50,000 ብር ቢሆን ወፍጮው ለባንኩ 1,250,000 ብር ፈጀ ማለት ነው። ባንኩ ከተረከበው በኋላ ሁለተኛው ውል ይፈረማል። በዚህ ውል ባንኩ ወጪዬ 1,250,000፣ ትርፌ 250,000፣ የሽያጭ ዋጋው 1,500,000 ብር ነው ይላል። ያስያዘችው 300,000 እንደ ቅድሚያ ክፍያ ይታሰብላታል። ቀሪው 1,200,000 ብር በ24 ወር ሲካፈል በወር 50,000 ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ታዲያ ከወለድ በምን ተለየ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባንኩ 250,000ውን ትርፍ ሲተምን በገበያው ያለውን የብድር ወለድ ማየቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ሁሉ ነገር በሰላም ካለቀ ነጋዴዋ ከመደበኛ ብድር ጋር የተቀራረበ ገንዘብ ልትከፍል ትችላለች። አንዳንዴም ይበልጣል። ልዩነቱ የሚወጣው ነገሮች ሲበላሹ ነው።

ወፍጮውን የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተገለበጠ እንበል። ባንኩ ገዝቶታል፣ ለነጋዴዋ ግን ገና አልሸጠውም። ኪሳራው የባንኩ ነው፤ ኢንሹራንሱን መግባትም የእሱ ጉዳይ ነው። እሷ ያስያዘችውን ወስዳ መሄድ ትችላለች። አበዳሪ ባንክ ቢሆን ኖሮ ወፍጮው ተሰበረ ብሎ ብድሩን አይተውላትም። የሸሪዓ ሊቃውንት የባንኩን ትርፍ የሚፈቅዱት በዚህች አጭር የባለቤትነት ጊዜ ላይ ተመሥርተው ነው። በእጅህ የሌለውን አትሽጥ የሚለው የነቢዩ ሙሐመድ ትእዛዝም የሚጠበቀው በዚሁ ነው።

በተቃራኒው ነጋዴዋ ሐሳቧን ቀይራ አልገዛም ብትልስ? ባንኩ ወፍጮውን ለሌላ ይሸጣል። ከገዛበት በታች ከሸጠው የከሰረውን ያህል ካስያዘችው ላይ ይቀንሳል። ያጣውን ትርፍ ግን ከእሷ ሊያስከፍል አይችልም።

ሁለተኛው ልዩነት በመዘግየት ይታያል። ገበያ ቀዝቅዞ ሦስት ወር ሳትከፍል ብትቀር ውዝፍ ዕዳዋ 150,000 ብር ነው፤ ከዚያ አያድግም። ዋጋው በውሉ ተቆርጧልና። ባንኮች ይህን ለመከላከል የቅጣት አንቀጽ ያስገባሉ፤ የቅጣቱ ገንዘብ ግን ለበጎ አድራጎት ይሰጣል እንጂ ከባንኩ ገቢ ጋር አይቀላቀልም። አቅም እያለው የሚያዘገይና እውነት የቸገረውም በአንድ ዓይን አይታዩም። የዚህ ሌላኛው ገጽታ ደግሞ ባንኩ ጠንካራ መያዣ መፈለጉ ነው። መሬትና ቤት የሌለው ሰው በዚህም በር ላይ ተመልሶ ይሄዳል።

የሙራባሃ ትልቁ ሕመም የቅደም ተከተል መዛባት ነው። ባንኩ ስለ ወፍጮ ስለማያውቅ ደንበኛዋን ራሷን ወኪል አድርጎ «አንቺው ሄደሽ ግዢልኝ» ይላታል። ይህ በሕጉ ሲቸግር ይፈቀዳል። ነገር ግን ግዢውና ሽያጩ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ወረቀት ይፈረሙና ባንኩ ወፍጮውን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳይዝ ይቀራል። ያኔ የቀረው ብር ሰጥቶ በኋላ ጨምሮ መቀበል ብቻ ነው።

ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቀኖችና ስሞች ማየት ይበቃል። የአስመጪው ደረሰኝ በደንበኛዋ ስም ከተቆረጠ፣ የሽያጩ ውል ከርክክቡ በፊት ከተፈረመ ወይም ገንዘቡ ወደ እሷ ሒሳብ ከገባ ችግር አለ። ዕቃውን ቀድማ ገዝታው ከሆነም እንዲሁ፤ የራሷን ንብረት መልሳ ልትገዛ አትችልም። አስመጪ የተባለው ድርጅት የራሷ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ዕቃው ከቤት ወጥቶ ወደ ቤት የተመለሰ የይስሙላ ንግድ ነው። በባንኩ ውስጥ ያሉ የሸሪዓ ኦዲተሮች ፋይል ሲከፍቱ የሚፈልጉት እነዚህኑ ነው። ጉድለት ከተገኘ ባንኩ ከዚያ ውል ያገኘውን ትርፍ ለበጎ አድራጎት እንዲያወጣ ይወሰንበታል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚመስል የባህሬኑ ሻሚል ባንክና የባንግላዴሹ ቤክሲምኮ ክርክር ያሳያል። ቤክሲምኮ በሙራባሃ የወሰደውን ገንዘብ ሳይከፍል ሲቀር ባንኩ ለንደን ላይ ከሰሰው። ውሉ የሸሪዓ መርሆዎች እንደተጠበቁ ሆነው በእንግሊዝ ሕግ ይገዛል ይል ነበር። ተከሳሾቹ ይህን ይዘው «ሙራባሃ የተባለው የተሸፈነ የወለድ ብድር ስለሆነ በሸሪዓ አይጸናም» ብለው ተከራከሩ። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2004 ክርክሩን አልተቀበለም። ውሉን ሊገዛ የሚችለው የአንድ አገር ሕግ ነው፤ በእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ዕዳው ዕዳ ነው አለ። ባንኩ ገንዘቡን አሸነፈ፤ ሽያጩ እውነተኛ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ለሃይማኖት ሊቃውንት ቀረ። ቤክሲምኮ ገንዘቡን ሲቀበል ሸሪዓው ትዝ አላለውም ነበር ብሎ መታዘብ ይቻላል።

በመርህ ደረጃ ግን የዘርፉ አሳቢዎች የተመኙት ሙራባሃን አልነበረም። የተመኙት ሽርክናን ነበር። ሽርክናው ሁለት መልክ አለው። በሙዳራባ አንዱ ወገን ገንዘብ፣ ሌላው ሥራ ያመጣል። በሙሻረካ ሁለቱም ገንዘብ ያዋጣሉ። ትርፍ አስቀድሞ በተስማሙበት መጠን፣ ለምሳሌ ስልሳ በአርባ፣ ይከፈላል። «በወር ይህን ያህል ብር ስጠኝ» ማለት ክልክል ነው። ኪሳራ ግን በስምምነት አይከፈልም፤ እያንዳንዱ ባዋጣው ገንዘብ ልክ ይሸከማል። በሙዳራባ ከሆነ ገንዘቡ የከሰረበት ባለገንዘቡ ነው፤ ሠራተኛው ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። ሠራተኛው ገንዘብ የሚከፍለው ካጠፋ፣ ከዘነጋ ወይም ከውሉ ከወጣ ብቻ ነው።

ለምን ባንኮች በዚህ መንገድ ገንዘብ አይሰጡም? መልሱ ሒሳብ መዝገብ ነው። የትርፍ ተካፋይ የሆነ ባንክ ነጋዴው ያተረፈውን በትክክል ማወቅ አለበት። ለግብር አንድ መዝገብ፣ ለራስ ሌላ መዝገብ በሚያዝበት ገበያ «ዘንድሮ አላተረፍኩም» የሚልን ሸሪክ ማን ያምነዋል? ኪሳራው በጥፋት መጣ ወይስ በገበያ የሚለውን ማስረዳትም ሌላ ጣጣ ነው። በሙራባሃ ግን ባንኩ የሚጠብቀው 50,000 ብር ከመጀመሪያው ይታወቃል። በዚህ ምክንያት ሙራባሃ በብዙ አገር ገበያውን ወርሶታል።

ሙዳራባ በደንብ የሚሠራው በሌላኛው በር፣ በቁጠባ በኩል ነው። አስቀማጩ ባለገንዘብ፣ ባንኩ ሠራተኛ ይሆናል። አስቀማጮች ያዋጡት 100 ሚሊዮን ብር በዓመት 8 ሚሊዮን አተረፈ፣ ድርሻውም ለአስቀማጭ ስልሳ፣ ለባንኩ አርባ ነው እንበል። ለአስቀማጮች 4.8 ሚሊዮን ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ 50,000 ብር ያስቀመጠ ሰው 2,400 ብር ያገኛል። በቀጣዩ ዓመት ትርፉ ግማሽ ከሆነ 1,200 ይሆናል። ባንኩ አስቀድሞ ሊናገር የሚችለው ስልሳ በአርባ የሚለውን ብቻ ነው።

እዚህም ላይ ልምዱ ከመርሁ ትንሽ ይሸሻል። ጎረቤት ያለው መደበኛ ባንክ ሰባት በመቶ ወለድ እየከፈለ ከወለድ ነፃው ሦስት በመቶ ብቻ ካካፈለ ደንበኛ ይሸሻል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ በደግ ዓመት ከትርፉ ጥቂት ወደ መጠባበቂያ እየቀነሱ በክፉ ዓመት የሚጨምሩ ባንኮች አሉ። አንዳንዶቹም ከራሳቸው ድርሻ ቆርጠው ለአስቀማጩ ይሰጣሉ። የሚከፋፈለው ትርፍ በየዓመቱ ከወለዱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሙዳራባ ቁጠባ የሚከፍት ሰው ከወዲዓ ሒሳብ ጋር እንዳያምታታው ያስፈልጋል። ወዲዓ አደራ ነው፤ ትርፍ ቃል አይገባበትም፣ ባንኩም ሙሉውን ሊመልስ ይገደዳል። በሙዳራባ ትርፍ የሚጠብቅ ሰው የኪሳራውንም ዕድል ፈርሞ ነው የሚገባው። ከመፈረም በፊት የድርሻው መጠን ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከየትኛው ሥራ ጋር እንደሚቀላቀል፣ ከትርፉ ላይ መጠባበቂያ ይቀነስ እንደሆነና ሒሳቡ ከጊዜው በፊት ቢዘጋ የዓመቱ ትርፍ ምን እንደሚሆን በውሉ ላይ መነበብ አለበት።