የእቁብ መዝገብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«እቁብ የተሰበሰበው ብር ዕለቱን ስለሚከፈል የሚያዝ ሒሳብ የለውም።»

በየሳምንቱ 1,000 ብር የሚጥሉ 10 አባላት ያሉትን እቁብ እንውሰድ። በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ 40,000 ብር ገብቶ 40,000 ብር ስለወጣ በጸሐፊው እጅ አንድም ብር አይገኝም። ሆኖም ዕጣ የወጣላቸው 4 አባላት እያንዳንዳቸው 4,000 ብር ጥለው 10,000 ብር ስለወሰዱ የ6,000 ብር ዕዳ አለባቸው፤ ያልወጣላቸው 6 አባላት ደግሞ እያንዳንዳቸው የጣሉትን 4,000 ብር ከእቁቡ ይፈልጋሉ። የባለዕዳዎቹ ድምር 24,000 ብር ነው፣ የጠያቂዎቹም እንዲሁ። ከዕጣ በኋላ እነዚህ ሁለት ድምሮች ካልተስማሙ በጸሐፊው እጅ የቀረ ገንዘብ አለ፣ ወይም አንድ መዋጮ ሳይጻፍ ቀርቷል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ማመሳከሪያው ግን አንድ ስሕተት ያመልጠዋል፤ የአንዱ አባል መዋጮ በሌላው ስም ቢመዘገብ ሁለቱ ድምሮች እንደተስማሙ ይቆያሉ። ይህን የሚያወጣው አባሉ በራሱ ደብተር የያዘው፣ ጸሐፊው በየሳምንቱ የፈረመበት መስመር ብቻ ነው።

«አንድ አባል ሳይከፍል ከቀረ፣ ለባለዕጣው የተሰበሰበውን ሰጥቶ ያንኑ መጻፍ ይበቃል።»

በ5ኛው ሳምንት አንድ ሰው ቀርቶ 9,000 ብር ብቻ ተሰበሰበ እንበል። ጸሐፊው የሚገባውን 10,000፣ የተከፈለውን 9,000 እና የቀረውን 1,000 ብር በባለዕጣው ስም ለየብቻ መጻፍ፣ በቀረው አባል ስም ደግሞ የ1,000 ብር ውዝፍ መያዝ አለበት። 9,000 ብቻ ከተጻፈ፣ ውዝፉ በ6ኛው ሳምንት ሲገባ የተሰበሰበው 11,000 ብር ይሆናል፤ ትርፉም የማን እንደሆነ የሚናገር መስመር ስለማይኖር ለአዲሱ ባለዕጣ ይሰጣል ወይም ዳኛው ዘንድ ይቀራል። እኔ ያየኋቸው የእቁብ ጭቅጭቆች አብዛኞቹ ከዚህች መስመር መጉደል የተነሡ ናቸው።

ውዝፉ የማን እንደሆነም ለውጥ ያመጣል። ዕጣው ገና ያልወጣለት አባል ከሆነ፣ ተራው ሲደርስ ከሚወስደው ሊቀነስ ይችላል። አስቀድሞ የወሰደ ከሆነ ግን የሚቀነስለት ነገር ስለሌለ የሚጠየቀው ዋሱ ነው፤ በመሆኑም የዋሱ ስምና ፊርማ ከወጪው ጋር በአንድ መስመር ቢሰፍር ይመረጣል።

«ዕጣ የተሸጠበት ገንዘብ የእቁቡ ገቢ ነው።»

ዕጣ የወጣለት አባል ተራውን ቸኩሎ ለሚፈልግ ሌላ አባል በ500 ብር ቢለቅለት፣ ገንዘቡ የሁለቱ ጉዳይ ነው። በመዝገቡ 10,000 ብር እንደወሰደ የሚጻፈው ገዢው ነው፣ ዋስ የሚጠራውም እርሱ ነው፤ ሻጩ ዕጣ ካልወጣላቸው ጋር ይቆያል። ጸሐፊው ወጪውን 9,500 ብር ብሎ ከጻፈ የገዢው ዕዳ በ500 ብር ያንሳል፣ ከላይ የተገለጹት ሁለት ድምሮችም እቁቡ እስኪያልቅ አይገናኙም።