ዲስበርስመንት ምንድን ነው? የስኮላርሺፕና የተማሪ ብድር ገንዘብ በየዙሩ መጠኑም ቀኑም የሚለያየው ለምንድን ነው?

ስኮላርሺፕ ወይም የትምህርት ብድር ያገኘ ተማሪ መጀመሪያ የሚደርሰው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የዓመቱን ድምር ይነግረዋል። ተማሪው ድምሩን ለሁለት ወይም ለሦስት ያካፍላል፤ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ እኩል ገንዘብ እንደሚገባለት አስቦም ኪራዩንና የመጽሐፍ ወጪውን ይመድባል። ከዚያ የመጀመሪያው ዙር ከጠበቀው እጅግ አንሶ፣ ያውም ትምህርት ከተጀመረ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይገባል። ሁለተኛው ዙር ደግሞ ሳይታሰብ ገና ሴሚስተሩ ሲጀምር ከች ይላል፤ መጠኑም ከመጀመሪያው በእጥፍ ይበልጣል። ተማሪው አንድ ሰው ሂሳቡን ያበላሸበት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም ዙሮች በትክክል የተሰሉ ናቸው።

ዲስበርስመንት የሚባለው የተፈቀደው ገንዘብ ከሰጪው እጅ ወጥቶ በተማሪው ስም የሚከፈልበት እርምጃ ነው። «በተማሪው ስም» ያልኩት አስቤበት ነው፤ «ለተማሪው» ማለት አይደለም። በብዙ ቦታ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚያርፈው ተማሪው በትምህርት ተቋሙ ውስጥ ባለው ሂሳብ ላይ ነው። ተቋሙ ከዚያ ላይ የትምህርት ክፍያውን፣ የምዝገባውን፣ ዶርም ካለ የዶርሙን ይቆርጣል። የተረፈ ካለ ወደ ተማሪው ባንክ የሚላከው ያ ትራፊ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልካችን ላይ «ገቢ ሆኗል» ተብሎ የሚመጣው ቁጥር የተፈቀደው ገንዘብ ሳይሆን ቀሪው ነው። ከሁለት ትልልቅ ቁጥሮች መቀናነስ የሚገኝ ቀሪ ደግሞ አንዱ ቁጥር ትንሽ ሲነቃነቅ እሱ ብዙ ይነቃነቃል። የዙሮቹ መለያየት ምሥጢሩ በአመዛኙ እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡ የሚለቀቅበትን ቀን የሚወስነውም ቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። ከመለቀቁ በፊት መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ ምዝገባው በተቋሙ መረጋገጥ አለበት፣ የብድር ውሉ መፈረም አለበት፣ የተጠየቀ ሰነድ ካለ መግባት አለበት፣ የኮርስ ብዛቱ ከሚፈለገው ማነስ የለበትም። ከእነዚህ ሦስቱ ተሟልተው አራተኛው ከቀረ ምንም አይንቀሳቀስም። ቀኑን የሚቆርጠው ምንጊዜም የመጨረሻው ነገር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ፣ አንድ ዓይነት ብድር ያላቸው ሁለት ተማሪዎች በተለያየ ሳምንት የሚከፈላቸውም ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ሕጉ ራሱ የሚያዘገይበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ የፌዴራል የተማሪ ብድር ላይ የትምህርት ተቋሙ ገንዘቡን ትምህርት ከመጀመሩ ከ10 ቀን በፊት ቀድሞ መልቀቅ አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበደር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሆነ ደግሞ ትምህርት ከጀመረ 30 ቀን እስኪሞላ ይጠበቃል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆኑት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ብድራቸውን በደንብ የሚከፍሉላቸው ተቋማት ናቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ተመዝግቦ በሁለተኛው ሳምንት የሚጠፋ ሰው ዕዳ ተሸክሞ እንዳይሄድ ነው። ትራፊ ከተገኘ በኋላም ተቋሙ ለተማሪው የሚያስተላልፍበት 14 ቀን ተሰጥቶታል። 30 እና 14 ሲደመሩ 44 ናቸው። አንድም ሰው ሳያጠፋ፣ አንድም ወረቀት ሳይጠፋ፣ ገንዘቡ በሰባተኛው ሳምንት ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ይህን በአንዲት ተማሪ ሂሳብ እንየው። ቁጥሮቹን እኔ ለምሳሌ ያወጣኋቸው ናቸው፤ የገንዘቡ ስም የትኛውም ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም። ለዓመቱ 6,000 ብድርና 4,000 ስኮላርሺፕ ተፈቅዶላታል፤ ዓመቱ ሁለት ሴሚስተር ነው። እሷ በየሴሚስተሩ 5,000 ብላ ትይዛለች። አበዳሪው ግን ከእያንዳንዱ ዙር 1 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ቀድሞ ይቆርጣል። ይህ የማይታይ ግን የተለመደ ቅናሽ ነው፤ በአሜሪካው የፌዴራል ብድር ለብዙ ዓመታት 1.057 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። የተበደረችው 3,000 ሆኖ የሚለቀቀው 2,970 ነው፤ ወደፊት የምትመልሰው ግን ሙሉውን 3,000 ነው። ከ2,000 ስኮላርሺፕ ጋር በመጀመሪያው ሴሚስተር ሂሳቧ ላይ የሚያርፈው 4,970 ይሆናል።

አሁን ወጪውን እንቁጠር። የትምህርት ክፍያ 3,200፣ ዶርም 900፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል የምዝገባ 150፣ የዓመቱ የጤና መድን 400። ድምሩ 4,650 ነው። ትራፊው 320 ብቻ ሆነ። ያም ቢሆን ወዲያው አይገኝም። ስኮላርሺፑ በመጀመሪያው ቀን ቢገባም 2,000 ዕዳውን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ብድሩ እስኪመጣ ትራፊ የሚባል ነገር የለም። ብድሩ በ31ኛው ቀን ይገባል፣ ተቋሙ ትራፊውን አስልቶ ለማውጣት ዘጠኝ ቀን ይወስዳል፣ ባንኩ ሁለት ቀን ይጨምራል። ልጅቱ 5,000 ስትጠብቅ በ42ኛው ቀን 320 አየች።

በሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባውና መድኑ ተከፍለው አልቀዋል። ወጪው 4,100 ነው፤ የሚገባው ያው 4,970። ትራፊው 870 ይሆናል። የ30 ቀኑ ጥበቃም አሁን አይመለከታትም፤ ሁለቱም ገንዘቦች ትምህርት ሲጀመር ገቡ፣ 870ውም በሁለተኛው ሳምንት ባንኳ ደረሰ። ሰጪዎቹ የለቀቁት ገንዘብ በሁለቱም ሴሚስተር አንድ ነው። የእሷ እጅ የገባው ግን ከ320 ወደ 870 ዘለለ፤ ቀኑም በአንድ ወር ገደማ ቀደመ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አደጋው ያለው ግን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ በሚመጣው ድጋሚ ስሌት ላይ ነው። ይህቺው ተማሪ በሁለተኛው ሴሚስተር አምስተኛ ሳምንት አንድ ከባድ ኮርስ አቋረጠች እንበል። ስኮላርሺፑ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ተማሪ የተሰላ ነበር፤ የኮርስ ጭነቷ ወደ ሦስት አራተኛ ስለወረደ ከ2,000 ወደ 1,500 ይቀነሳል። የትምህርት ክፍያው ግን የመመለሻ ጊዜው ስላለፈ አይቀነስላትም። 870ውን ወስዳ አጥፍታዋለች። ሂሳቧ ላይ በአንድ ሌሊት 500 ዕዳ ይወጣል፤ ካልከፈለችም የሚቀጥለው ምዝገባዋ ሊታገድ ይችላል። ኮርስ ለማቋረጥ ከመፈረም በፊት የአስተማሪውን ፊርማ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን ስሌት መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው። «ይህን ኮርስ ዛሬ ብተው ሂሳቤ ላይ ምን ይለወጣል?» ተብሎ ከተጠየቀ ቁጥሩ አስቀድሞ ይታወቃል።

በተቃራኒው መልካም ዜናም መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። ተማሪው በዓመቱ መሀል ሌላ ስኮላርሺፕ ቢያገኝ ጠቅላላው ድጋፍ ተቋሙ ለአንድ ተማሪ ካሰላው የዓመት ወጪ ጣሪያ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ተቋሙ ከአንዱ ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ ከብድሩ። የሁለተኛው ዙር ብድር ያለ ማብራሪያ አንሶ ሲመጣ አዲሱ ስኮላርሺፕ ቦታውን ወስዶበት ይሆናል። ይህ ዕዳን ስለሚያቀል መጥፎ አይደለም፤ ግን ማንም ቀድሞ ካልነገረ የተወሰደ ይመስላል።

ሁሉም ቦታ ግን ትራፊ ብቻ አይከፈልም። በእንግሊዝ የትምህርት ክፍያ ብድሩና የኑሮ ብድሩ በሁለት የተለያዩ ቦዮች ይፈሳሉ። የትምህርት ክፍያው 25፣ 25 እና 50 በመቶ ሆኖ ቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይሄዳል፤ ተማሪው አያየውም። የኑሮው ብድር 33፣ 33 እና 34 በመቶ ሆኖ በሦስት ዙር ለተማሪው ይገባል። ስለዚህ እዚያ ዙሮቹ እኩል ለመሆን ይቀራረባሉ። ቀኑ ግን እዚያም ነፃ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪው መመዝገቡን ካላረጋገጠ የመጀመሪያው ዙር አይለቀቅም፤ ካረጋገጠ በኋላም እስኪገባ የሥራ ቀናት ያልፋሉ።

ከአገር አገር የሚላክ ስኮላርሺፕ የራሱ ጣጣ አለው። ገንዘቡ በመካከለኛ ባንክ ሲያልፍ ባንኩ የራሱን ክፍያ ከገንዘቡ ላይ ሊቆርጥ ይችላል። የመላኪያው ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ በዝውውሩ ሰነድ ላይ በሦስት ፊደል ይጻፋል፤ `OUR` ከሆነ በላኪው፣ `BEN` ከሆነ በተቀባዩ፣ `SHA` ከሆነ በሁለቱም። የምንዛሪው ዋጋም ገንዘቡ በተመነዘረበት ቀን ነው የሚሰላው። በየወሩ አንድ ዓይነት መጠን የሚላክለት ተማሪ በየወሩ ትንሽ የተለያየ ቁጥር ካየ መጀመሪያ የሚፈትሸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ገንዘብ ሲዘገይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «መቼ ይገባል?» ብሎ ነው፤ ይህ ጥያቄ ግን ጥሩ መልስ አያስገኝም፤ ምክንያቱም ቢሮው የሚያየው ሦስት የተለያዩ ቀኖችን ነው። አንደኛው ገንዘቡ ይለቀቃል ተብሎ የታቀደበት ቀን ነው፤ ይህ ግምት ነው። ሁለተኛው ተቋሙ ውስጥ ባለው የተማሪው ሂሳብ ላይ የተመዘገበበት ነው። ሦስተኛው ትራፊው ወደ ባንክ የተላከበት ነው። የተማሪ ሂሳብ መግለጫውን ከፍቶ የትኛው ቀን ድረስ እንደተደረሰ ማየት ግማሹን መልስ ይሰጣል። በሂሳቡ ላይ ገና ካልተመዘገበ ያልተሟላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ጥያቄውም «ምን ይጎድላል?» ይሆናል። ተመዝግቦ ትራፊው ዜሮ ከሆነ መታየት ያለበት የወጪው ዝርዝር ነው፤ ያልወሰዱት መድን ወይም ያልኖሩበት ዶርም ተቆጥሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ተልኳል ተብሎ ባንክ ካልደረሰ ደግሞ የሂሳብ ቁጥሩንና ስሙን ማመሳከር ነው። በባንክ ያለው ስም ከተቋሙ መዝገብ ጋር ካልተገጣጠመ ገንዘቡ ወደ ላኪው ተመልሶ ሊሄድና እንደገና እስኪላክ ሌላ ሳምንት ሊያልፍ ይችላል።

እኔ ትልቁ ጥፋት የማየው ደብዳቤዎቹ ላይ ነው። የዓመቱን ድምር በደማቅ ጽፎ ከዚያ ላይ ምን ምን እንደሚቆረጥ በሌላ ገጽ፣ በሌላ ወር መላክ ተማሪውን የሌለ ገንዘብ እንዲመድብ ያደርገዋል። ቢሮው እስኪያስተካክለው ግን ተማሪው ስሌቱን በራሱ መሥራት ይችላል፤ የዙሩን ድጋፍ ይጽፋል፣ የአገልግሎት ክፍያውን ይቀንሳል፣ የሴሚስተሩን ወጪ ሁሉ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈሉትንና የዓመቱን በሙሉ አንድ ላይ የሚቆረጡትን ለይቶ ያስቀምጣል። የመጨረሻው መስመር ላይ የቀረው ቁጥር፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ያለ እሱ መቆየት እንደሚኖርበት ታስቦ፣ ለኪራይና ለምግብ ሊመደብ የሚችለው ነው።