የአባሲዶች አብዮት እና የዕውቀት ማዕከል ከደማስቆ ወደ ባግዳድ መዞር

የአባሲዶች አብዮት በሙስሊሙ ዓለም ለ90 ዓመት ገደማ የቆየውን የኡመያዶች አገዛዝ ገርስሶ የአባሲዶችን ሥርወ መንግሥት ያነገሠ የፖለቲካና የጦር እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው በምሥራቅ ፋርስ በኮራሳን በምስጢር ሲደራጅ ቆይቶ፣ በ747 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አቡ ሙስሊም በመርው ከተማ አቅራቢያ ጥቁር ሰንደቅ ከፍ ባደረገ ጊዜ በይፋ ፈነዳ። በ749 አቡልዐባስ አስ-ሰፋህ በኩፋ ኸሊፋ ተብሎ ተሾመ፤ በ750 መጀመሪያ የመጨረሻው የኡመያድ ኸሊፋ ዳግማዊ መርዋን በዛብ ወንዝ ተሸንፎ ሸሸ፤ በዚያው ዓመትም ግብፅ ውስጥ ተገደለ። ደማስቆም በአባሲዶች እጅ ወደቀች።

አዲሶቹ ገዢዎች የኡመያዶች ደጋፊ በበዛባት ሶርያ ሊቀመጡ አልፈለጉም። ኀይላቸው ከኢራቅና ከኮራሳን የመነጨ በመሆኑ መቀመጫቸውን ወደ ኢራቅ አዞሩ፤ ሁለተኛው ኸሊፋ አል-መንሱርም በ762 የባግዳድን ክብ ከተማ በጤግሮስ ዳርቻ ማሠራት ጀመረ። የግንባታው መጀመሪያ ቀን የተመረጠው በኮከብ ቆጣሪዎች ስሌት ነበር፤ ከእነሱም ፋርሳዊው ናውባኽትና የባስራው አይሁዳዊ ማሻአላህ ይገኙበታል። ይህ ጉዳይ ተራ የግንባታ ወግ ብቻ አይደለም፤ በአዲሱ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ምን ዓይነት ባለሙያዎች እንደ ተሰበሰቡ ያሳያልና።

የለውጡ ቁም ነገር ያለው በዚህ የጎረቤት መቀየር ላይ ይመስላል። በደማስቆ የኡመያዶች መዝገብ ቤት እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በግሪክኛ ይሠራ ስለ ነበር ግሪክኛ የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። ነገር ግን እነዚያ ጸሐፊዎች ያደጉት በቢዛንታይን ክርስትና ባህል ውስጥ ነበር፤ ያ ባህል ደግሞ ለጥንቶቹ አረማውያን ፈላስፎች ቀዝቃዛ አቋም እንደ ነበረው አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ያስረዳሉ። ባግዳድ የተመሠረተችው ግን ከቀድሞዋ የፋርስ ዋና ከተማ ከክቴሲፎን ብዙም ሳይርቅ ነው። በአካባቢዋ ያሉት የሱርስጥ ቋንቋ ተናጋሪ ክርስቲያኖች የአርስቶትልን ሎጂክ ሲማሩና ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ የፋርስ ሹማምንትም የኮከብ ጥናትንና የሕክምናን መጻሕፍት እንደ አስተዳደር መሣሪያ ይመለከቱ ነበር። በ765 አል-መንሱር ሆዱን በታመመ ጊዜ ከፋርሷ ከተማ ከጎንዴሻፑር የተጠራው ሐኪም ጁርጂስ ኢብን ቡኽቲሹ የዚህ አንድ ምሳሌ ነው፤ ዘሮቹም ለብዙ ትውልድ የኸሊፋዎች ሐኪሞች ሆነው ቆይተዋል።

የግሪክ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ የሚተረጎሙበት አሠራር እንዴት እንደ ነበር ከአንድ ደብዳቤ መረዳት ይቻላል። የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበረው ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ጢሞቴዎስ በ780ዎቹ በጻፈው መልእክት፣ ኸሊፋ አል-መህዲ ‘ቶፒካ’ የተባለውን የአርስቶትል መጽሐፍ ከሱርስጥ ወደ ዐረብኛ እንዲያስተረጉም እንዳዘዘው ይናገራል። ሥራውን አቡ ኑህ ከተባለ ክርስቲያን ጸሐፊ ጋር ሠራው፤ ከዚያም አስቸጋሪ ቦታዎችን የሚያብራራ ትርጓሜ በማር ማታይ ገዳም ይገኝ እንደ ሆነ ወዳጁ እንዲጠይቅለት ጻፈ። መጽሐፉ የክርክር ጥበብን የሚያስተምር ነው፤ ልዩ ልዩ ሃይማኖቶች በሚሟገቱበት ከተማ ኸሊፋው የፈለገው ለዚሁ መሆን አለበት፤ ራሱም ከጢሞቴዎስ ጋር ስለ እምነት ለሁለት ቀን ተከራክሯል። ስለዚህ ‘የጥበብ ቤት’ ተብሎ የሚጠራው የባግዳድ ቤተ መጻሕፍት የትርጉም ሥራ ሁሉ ምንጭ እንደ ሆነ አድርጎ ማቅረብ ከማስረጃው ያልፋል። አብዛኛውን ሥራ ያስኬዱት እንዲህ ያሉ ትእዛዞችና የግል ባለጸጎች ክፍያ ናቸው፤ ለምሳሌ የሙሳ ልጆች የተባሉት ሦስት ወንድማማች ሊቃውንት ለተርጓሚዎች በወር 500 ዲናር ገደማ ይከፍሉ እንደ ነበር ተመዝግቧል።

ይሁንና ሁሉም ትምህርት ወደ ባግዳድ አልተጠቃለለም። የሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ተግባር ዘገባ፣ ጥናት በመዲና፣ በኩፋና በባስራ እንደ ቀጠለ ነበር። ሶርያ ግን ከባድ ኪሳራ ደርሶባታል፤ በ774 ቤይሩት ውስጥ የሞተው የሕግ ሊቅ አል-አውዛዒ ያቋቋመው የፍቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ መንገድ በሶርያና በሙስሊሞች በምትገዛው ስፔን በአንዳሉስ ለጊዜው ቢሰፋም፣ በኋላ በሌሎቹ ተተክቶ ጠፋ።

መጻሕፍት ራሳቸው አሁንም በየአገሩ ተበትነው ነበር። ከ809 እስከ 873 የኖረው በኢራቅ የሒራ ተወላጅ የሆነው ተርጓሚ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ፣ ‘ስለ ማስረጃ’ የተሰኘውን የጥንቱን ግሪካዊ ሐኪም የጋሌንን መጽሐፍ ፍለጋ ሜሶጶጣምያን፣ ሶርያን፣ ፍልስጥኤምንና ግብፅን አልፎ እስክንድርያ ድረስ መሄዱን ጽፏል። በመጨረሻ ያገኘው በደማስቆ ነበር፤ እሱም ክፍሎቹ ያልተከታተሉና ያልተሟሉ፣ የመጽሐፉን ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ።