ኮንዶም ሲጠለቅ የሚረግብ ብልት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እስከዚያ ድረስ ደህና ነኝ፤ ኮንዶም ላጠልቅ ስል ግን ይረግብብኛል። ስንፈተ ወሲብ ይዞኛል ማለት ነው።»

ጠዋት ስትነቃ ወይም ብቻህን ስትሆን በደንብ የሚቆም ከሆነ የደም ሥሮችህና ነርቮችህ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። የተቋረጠው መነቃቃቱ ነው። ማሸጊያውን ስትታገል መነካካቱ ይቆማል፣ ሐሳብህም ከፍቅረኛህ ወደ ጣቶችህ ይሄዳል። አንዴ ከረገበ በኋላ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ኮንዶሙን ስታይ «ዛሬም ሊደገም ነው» ብለህ ትሰጋለህ። ሰው ሲሰጋ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል፤ አድሬናሊን የብልትን ደም ሥሮች ያጠባል፣ ደሙም ይቀንሳል። ስለዚህ የፈራኸውን ነገር ያመጣው ፍርሃቱ ራሱ ነው።

እኔ በምሠራበት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት አንድ የማራኪ ሰፈር ወጣት በዚሁ ተጨንቆ አማክሮኛል። ኮንዶሙ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሱሪው ኪስ ውስጥ ነበር። መብራቱን አጥፍቶ ይነሳል፣ በዳበሳ ይፈልጋል፣ በተገላቢጦሽ ያደርገዋል፤ እስኪያስተካክል ሁሉም ነገር አልፏል።

መጀመሪያ ብቻውን እንዲለማመድ ነገርኩት፤ እጁ ሲለምድ ዓይኑን ጨፍኖም እንዲሞክር። ሁለት ሦስት ኮንዶም ትራሱ አጠገብ ይሁን፣ ደብዘዝ ያለ መብራትም ይብራ። ማሸጊያው በጥርስ ሳይሆን በእጅ ይከፈታል። ጥቅልሉ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ወደ ውጭ መሆን አለበት፤ ተገልብጦ ብልትን ከነካ ይጣላል፣ ሌላ ይወሰዳል። ጫፉን ቆንጥጦ አየሩን እያስወጣ እስከ ሥሩ ይዘርጋው። ውኃ ነክ ማለስለሻ ጫፉ ውስጥ አንድ ጠብታ ቢያደርግ ስሜቱ ይሻላል፤ ከበዛ ግን ኮንዶሙ ይንሸራተታል። ቫዝሊንና ቅቤ ላቴክሱን ስለሚያደክሙት አይሆኑም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ማጥለቁን ለፍቅረኛው መስጠት ነው፤ ያኔ መነካካቱ አይቋረጥም። ከጠለቀ በኋላም ለመግባት አይቸኩል፤ እስኪጠነክር መሳሳሙ ይቀጥል።

«ጠበቅ ያለ ኮንዶም ደሙን አግቶ ያቆመዋል።»

አይደለም፤ ያሳምማል፣ ስሜትም ይቀንሳል። የተለመደው ኮንዶም ሳይወጠር ጠፍጣፋ ተደርጎ ሲለካ ስፋቱ ከ52 እስከ 54 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሲዘረጋ የሚያስቸግርህ ወይም ቀለበቱ ጥልቅ ምልክት የሚተውብህ ከሆነ ሰፋ ያለ ጠይቅ።

«መጀመሪያ ያለ ኮንዶም ልጀምር፣ ኋላ አጠልቃለሁ።»

ኤችአይቪም ሆነ ሌላ የአባላዘር በሽታ ለመተላለፍ የዘር ፈሳሽ እስኪወጣ አይጠብቅም። በመሃል ቢረግብብህ የኮንዶሙን ሥር ይዘህ ውጣ፤ ሲመለስ አዲስ አጥልቅ።

«ቫያግራ አንድ ብውጥ ይገላግለኛል።»

መነቃቃት ከሌለ ክኒኑ ብቻውን አያቆምም፤ ናይትሬት የተባለ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዋጠው ደግሞ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ይጥላል። ከጓደኛ ኪስ አትውሰድ። ጠዋትም ሆነ ብቻህን ስትሆን መቆሙ ከቀረ ግን ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ስኳርህንና የደም ግፊትህን ተለካ፤ አንዳንዴ እነዚህ በሽታዎች መጀመሪያ የሚታዩት በዚህ ነው።