የበዓል ድግስ በጀት፦ ገንዘቡ የሚያልቀው የት ጋ ነው?

ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ድግስ ሲቃረብ በየቤቱ የሚነገሩ አምስት አባባሎች አሉ። ሥጋው ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ። አብዛኛው ወጪ የሚሄደው እዚያ ነውና።

«አጥንት ያለው ሥጋ ርካሽ ስለሆነ ያዋጣል»

አንዳንዴ ብቻ። እስቲ በአንድ ድግስ እንየው። 16 አዋቂዎችና 8 ልጆች ይመጣሉ። ሁለት ልጅ እንደ አንድ አዋቂ ብንቆጥር ሒሳቡ የ20 ሰው ነው። ሌላ ምግብም አብሮ ከቀረበ ለአንድ ሰው 150 ግራም የበሰለ ሥጋ ይበቃል። ማዕዱ ላይ መቅረብ ያለበት እንግዲህ 3 ኪሎ ነው።

ሥጋ ሲበስል ውሃውና ስቡ ይወጣል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ አጥንት የሌለው ከሆነ 4 ኪሎ ጥሬ እንገዛለን። አጥንት ያለው ሲሆን ግን አጥንቱም ይቀነሳል፤ በመጨረሻ የሚበላው ከተገዛው ግማሽ ገደማ ነው። ያኔ 6 ኪሎ ያስፈልጋል።

አሁን 4ን ከ6 ጋር አስተያዩ። አጥንት ያለው ሥጋ የሚያዋጣው የኪሎ ዋጋው አጥንት ከሌለው ሁለት ሦስተኛ በታች ሲሆን ነው። ሥጋ ቤት ቆማችሁ ስልካችሁን አውጡና አነስተኛውን ዋጋ ለከፍተኛው አካፍሉት። ከ0.67 በላይ ከመጣ ርካሽ የመሰለው ሥጋ ውድ ነው። እርግጥ አጥንት ለመረቁ ጣዕም ይሰጣል፤ ለዚያ 1 ኪሎ ለብቻው መግዛት ይበቃል። ደግሞ ግማሽ የሚለው ግምት ለሁሉም ብልት አይሠራም። ጎድን ላይ አጥንቱ ይበዛል፣ ታፋ ላይ ያንሳል።

«ሙሉ በግ ከገዛን ኪሎው በጣም ይረክሳል»

ይህ የሚባለው በጉ በቁሙ በሚመዝነው ኪሎ ሲካፈል ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን በግ ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎና ሆድ ዕቃው ወጥቶ የሚቀረው 14 ኪሎ አካባቢ ነው። አጥንቱና ትርፍ ስቡ ሲነሳ 10 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይገኛል። ስለዚህ የበጉን ዋጋ፣ የማጓጓዣውንና የአራጁን ክፍያ ደምሩ፤ ከዚያ ለ10 አካፍሉት። ሆድ ዕቃውን የሚበላ ቤተሰብ ወይም ቆዳውን የሚሸጥ ሰው ከድምሩ ላይ የዚያን ዋጋ ይቀንስ። የሚወጣው ቁጥር ነው ከሥጋ ቤቱ ኪሎ ጋር የሚወዳደረው።

አንድ ነገር ግን መረሳት የለበትም። ከላይ ላነሳሁት ድግስ በአንድ ማዕድ የሚያስፈልገው 4 ኪሎ ብቻ ነው። እንግዶቹ ሁለት ቀን የሚያድሩ ከሆነ ሙሉ በግ ትርጉም አለው። በልተው የሚሄዱ ከሆነ ግን 6 ኪሎ ይተርፋል፤ እሱን የሚይዝ ማቀዝቀዣ መኖር አለበት።

«በዓል ሲደርስ ዋጋ ስለሚንር ሁሉንም ቀደም ብዬ ልግዛ»

የሁሉም ነገር ዋጋ እኩል አይንርም። የሚንረው በጥቂት ቀናት ሁሉም ሰው የሚፈልገው፣ ግን አቅርቦቱን ቶሎ መጨመር የማይቻል ነገር ነው። የእርድ እንስሳ በአንድ ሳምንት አይደለብም። ትኩስ አትክልትም ተከማችቶ አይቆይም። ስኳር፣ ዘይትና የታሸገ መጠጥ ግን መጋዘን ውስጥ ወራት ይቆያሉ። አንዳንድ መደብሮች እንዲያውም ገበያተኛ ለመሳብ በዓል ሰሞን የእነዚህን ዋጋ ይቀንሳሉ። ስለዚህ የእነዚህን የዛሬ ዋጋ ጻፉና ለሁለት ሳምንት ተከታተሉ፤ መጨመር ሲጀምር ግዙ።

ሥጋን ቀድሞ ገዝቶ ማቀዝቀዝ ጥሩ ነው፤ ገደብ ግን አለው። እኔ አንድ ጊዜ 15 ኪሎ በአንድ ማታ ትንሽ ፍሪዘር ውስጥ አጨቅሁ። በነጋታው ዳር ዳሩ በረዶ ሆኖ መሐሉ ገና ለስላሳ ነበር። በሁለተኛው ቀን መሽተት ጀመረ፤ ግማሹን ጣልኩት። ያኔ በጣም ነው ያዘንኩት። ባለ 100 ሊትር ፍሪዘር በአንድ ቀን በደንብ የሚያቀዘቅዘው ከ4 እስከ 5 ኪሎ ነው። የበለጠ ሲገባበት ቀድሞ የገባውንም ያሞቀዋል። ስለዚህ በሦስት አራት ቀን ከፋፍላችሁ ግዙ። ሥጋውን ለአንድ ድስት በሚበቃ መጠን በስስ ጠፍጣፋ ከረጢት አሽጉት። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሁን። ስታቀልጡትም ፍሪጅ ውስጥ እንጂ ውጭ አይሁን። 2 ኪሎ ያህል ጥቅል እስኪቀልጥ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ በዋዜማው ጠዋት ካላወጣችሁት አይደርስም።

«መጠጥ ካነሰ ያሳፍራል፤ ከየዓይነቱ በርከት አድርገን እንያዝ»

ችግሩ «ከየዓይነቱ» የሚለው ላይ ነው። አንድ አዋቂ በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ ይጠጣል ተብሎ ይገመታል። ለአራት ሰዓት ድግስ አምስት ብርጭቆ ማለት ነው። 16 አዋቂዎች 80 ብርጭቆ ይጠጣሉ። በ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 20 ሊትር ይሆናል፤ ይህ ውሃውንም ለስላሳውንም አልኮሉንም ጨምሮ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ግን 20 ሊትሩ ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ይያዛል፤ በጀቱም ሦስት እጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ 20ውን ሊትር ያዙ፤ ከዚያ የሚጠጣውንና የማይጠጣውን ቆጥራችሁ አካፍሉት። ወይን ለብቻው ይታሰብ፤ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ አምስት የወይን ብርጭቆ ይወጣዋል።

ያልተከፈተውን ይመልሱልን እንደሆነ ሻጩን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁት። እሺ ካለ ትንሽ ጨምሮ መያዝ አይጎዳም።

«ምግቡ አምስት እጥፍ ከሆነ ቅመሙም አምስት እጥፍ»

ለ4 ሰው የሚሠራውን ለ20 ስታበዙ ሥጋውና ሽንኩርቱ አምስት እጥፍ ይሁን። ትልቅ ድስት ግን ከያዘው ብዛት አንጻር ሲታይ ትንሽ ውሃ ነው የሚተነው። ጨው፣ ቅርንፉድና የሚያቃጥል ቅመም ደግሞ አንዴ ከበዙ አይመለሱም። በሦስት ወይም በሦስት ተኩል እጥፍ ጀምሩ፤ ሊበስል ሲል ቅመሱና ጨምሩ። ብዙ ጊዜ አምስት እጥፍ ሳይደርስ ይበቃዋል።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ቀድሞ ቢገዛ የማይጎዳው ያልተፈጨ ቅመም ነው። ቀረፋ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ ሳይፈጩ፣ በደረቅና ጨለማ ቦታ ከዓመት በላይ ይቆያሉ። ዋጋው ገና ሳይነቃነቅ ሁለት ወር ቀድማችሁ ግዙት፤ መፍጨቱን ግን ለድግሱ ሳምንት ተዉት። የተፈጨ ቅመም መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፤ ባዕድ ነገር ቢቀላቀልበትም በዓይን አይለይም። ቤት ያለው የድሮ ዱቄት ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ቆንጠር አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ እሹትና አሽትቱት። ካልሸተተ የሚጨምረው ቀለም ብቻ ነው። ቅርንፉድ ስትገዙ ደግሞ ራሱን በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ዘይት ካወጣ ደህና ነው። ደርቆ ከተሰባበረ ዘይቱ አስቀድሞ ወጥቶ አልቋል፤ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።